ኖራና አመድ፦ ቆዳ ላይ ስለሚወጣ ነጭ ነገር

(በሠፈራችን ዕድር አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያደረግሁት ንግግር ነው። ስልካችሁ ላይ የቀዳችሁትን ልካችሁልኝ፣ ከመደጋገሜ ጋር እንዳለ ጻፍኩት።)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ? እማማዎች፣ አባባዎች፣ እትዬዎች፣ ጋሼዎች፣ እኩዮቼም እንደምን ዋላችሁ? ብዙዎቻችሁ ውሃ ልቀዳ ስሄድ እንስራዬን ያሸከማችሁኝ ናችሁ። ዛሬ የቆዳ ሐኪም ሆኜ ፊታችሁ መቆሜ ደስ ይለኛል።

ሰብሳቢያችን ስለ ቆዳ በሽታ አንድ ነገር ንገሪን ሲሉኝ ምን ልናገር ብዬ አሰብኩ። ቆዳ ሰፊ ነው። ከዚያ ባለፈው ወር እዚሁ ሠፈር ለቅሶ ቤት የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝ። አንዲት ወጣት ቡና ስታቀርብ፣ እጇ ላይ ነጭ ነገር ነበረ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስኒውን ሳይቀበሉ ቀሩ። ዝግ ባለ ድምፅ «ለምጽ ነው» አሉኝ። ልጅቷ ሰምታለች። እኔም አየሁት። የተቃጠለ ጠባሳ ነው። ከምጣድ ላይ እንጀራ ስታወጣ ያገኛት እሳት ነው።

ስለዚህ የዛሬው ርዕሴ ይኼው ነው። ቆዳ ላይ የሚወጣ ነጭ ነገር። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ እኛ ግን ሦስቱንም ባንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው ለምጽ ነው። ሁለተኛው ቋቁቻ ነው። ሦስተኛው ስም እንኳ የለውም፣ ቆዳ ከተቆጣ በኋላ ጥሎት የሚሄደው ነጣ ያለ ምልክት ነው። መጨረሻ ላይ አራተኛ አንድ ነገር እጨምራለሁ፣ እሱን ግን አጭር አደርገዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጥቁር ሰውና ቀይ ሰው፣ ጠይሙና የቀይ ዳማው፣ በቆዳቸው ውስጥ ምን ይለያያሉ? ቀለም የሚሠራው ሕዋስ ሜላኖሳይት ይባላል። ቁጥሩ በሁላችንም ላይ ተቀራራቢ ነው። በፈረንጁም፣ በኔም፣ በእናንተም። የሚለየው ሕዋሱ የሚያመርተው ቀለም ብዛትና ዓይነት ነው። ቀለም አምራቹን ሸማኔ ብላችሁ አስቡት። ሁሉም ቤት ሸማኔ አለ። አንዱ ቤት ብዙ ይሸምናል፣ አንዱ ቤት ትንሽ።

ይህን ለምን አነሳሁት? ሦስቱ በሽታዎች የሚለያዩት ሸማኔው ምን ሆነ በሚለው ስለሆነ ነው። በለምጽ ሸማኔው ሞቷል። በቋቁቻ ሸማኔው አለ፣ ግን እጁን የያዘበት አለ። በሦስተኛው ሸማኔው ደክሞት አርፏል። ይህን ከያዛችሁ የቀረውን ሁሉ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

እኛ ጠቆር ያልን ሰዎች ላይ ደግሞ ነጭ ነገር ከሩቅ ይታያል። ቀይ ሰው ላይ ለምጽ ወጥቶ ዓመት ሳይታወቅ ሊቀመጥ ይችላል። እኛ ላይ ግን የሳንቲም ያህሏ ከመንገድ ማዶ ትታያለች። በዚያው ልክ ሌላ ነገር ይደበቅብናል። ቆዳ ሲቆጣ ይቀላል አይደል? በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም። ስለዚህ እናት የልጇን ቆዳ ሲቆጣ አታየውም፣ የምታየው ከቁጣው በኋላ የቀረውን ነጩን ብቻ ነው። «እንዲያው በድንገት ነጣብኝ» የሚሉኝ ለዚህ ነው። በድንገት አይደለም። መጀመሪያውን አላየነውም።

አሁን ወደ መለያው ልግባ።

ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ሦስት ነገር አድርጉ። እዩ፣ ወጥሩ፣ ጠይቁ።

እዩ ስላችሁ፣ ነጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም። ግድግዳ ላይ የተቀባ ኖራ አለ። ምድጃ ውስጥ ያለ አመድ አለ። ሁለቱም ነጭ ነው ትላላችሁ፣ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ግን አይመሳሰሉም። ለምጽ ኖራ ነው። ወተት የመሰለ፣ ድፍን ነጭ ነው። ዳሩ ጥርት ያለ ነው፣ ካርታ ላይ እንደተሰመረ የአገር ድንበር። ቋቁቻና ከቁጣ በኋላ የሚቀረው ግን አመድ ናቸው። ገርጣ ያለ፣ ከቆዳው ቀለም ትንሽ የፈዘዘ፣ ከሥሩ አሁንም የሰውዬው ቀለም የሚታይበት። ከቁጣ በኋላ የሚቀረው ላይ ዳሩን ፈልጋችሁ አታገኙትም፣ ከደህናው ቆዳ ጋር ይቀላቀላል።

ወጥሩ ስላችሁ፣ ነጩን ቦታ በሁለት ጣት ግራና ቀኝ ይዛችሁ ወጠር አድርጉት። ወይም በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ፋቅ አድርጉት። ስስ ቅርፊት፣ ዱቄት የመሰለ ነገር ከተነሳ ቋቁቻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ለምጽ ላይ ምንም አይነሳም። ለምጽ ልስልስ ነው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትዳስሱት ከደህናው ቆዳ አትለዩትም።

ጠይቁ ስላችሁ፣ «ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ችፌ ነበር? ብጉር ነበር? ቃጠሎ ነበር? የሚያሳክክ ነገር ነበር? ትንኝ ነክሶታል? መልሱ አዎ ከሆነና ነጩ የወጣው ልክ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ቅርፅ ከሆነ፣ ሦስተኛው ነው።

አሁን አንድ ሰው ልንገራችሁ። ከዚህ ሠፈር አይደለም። ዳቦ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው፣ ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሌሊት ሌሊት ምድጃው ፊት ይቆማል፣ ላብ በላብ ሆኖ ያድራል። መጋቢት ላይ ደረቱና ጀርባው፣ ቀጥሎ አንገቱ ላይ ነጠብጣብ ወጣበት። መጀመሪያ ዱቄት መስሎት ይታጠባል። አይለቅም። አብሮት የሚሠራ ሰው «ይኼ ለምጽ ነው» አለው። በቃ። ልጁ ታጭቶ ነበር። እጮኛው ቤት መሄድ አቆመ። ስልክ አያነሳም። በሚያዝያ ሙቀት እስከ ጉሮሮው የሚዘጋ ሹራብ ይለብሳል፣ ሹራቡ ደግሞ ይበልጥ ያልበዋል፣ ላቡ ደግሞ በሽታውን ይመግበዋል።

ከዚያ አንድ መድኃኒት ቤት ሄዶ ቅባት ገዛ። ሦስት መድኃኒት ባንድ ቱቦ ያለበት ነው፣ ከሦስቱ አንዱ ጠንካራ እስቴሮይድ ነው። ቀባው። ማሳከኩ ተወው። ነጩ ግን ሰፋ። ለምን? እስቴሮይዱ ቁጣውን ጸጥ ያደርገዋል፣ ፈንገሱን ግን አይገድለውም። በዚያ ላይ ጠንካራ እስቴሮይድ ሲቆይ ራሱ ቆዳ ያነጣል። ሁለት ነጭ ተደረበለት ማለት ነው።

እኔ ጋ ሲመጣ ሸሚዙን ለማውለቅ አሥር ደቂቃ ፈጀበት። አየሁት፣ አመድ ነው። ወጠርኩት፣ ዱቄት ተነሳ። ከዚያ ክፍሉን አጨልሜ «የውድ መብራት» በሚባለው አየሁት። ባንክ ስትሄዱ ብሩ ሐሰተኛ ይሁን እውነተኛ የሚያዩበት ሐምራዊ መብራት አለ አይደል? የሱ ዘመድ ነው። የቋቁቻ ፈንገስ በዚያ መብራት ብዙ ጊዜ ወርቅማ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ደረቱ ላይ አበራ። ከዚያ በግልጽ ፕላስተር ከቅርፊቱ ለቅሜ በማይክሮስኮፕ አየሁ። አጫጭር ክሮችና ክብ ክብ ፍሬዎች አብረው ይታያሉ። ፓስታ ላይ አተር የተበተነ ይመስላል። ይህን ካያችሁ በኋላ መጠራጠር የለም።

ይህ ፈንገስ ማላሴዚያ ይባላል። ከየት መጣበት? ከየትም አልመጣም። እያንዳንዳችሁ ላይ አሁን አለ። እኔም ላይ አለ። የቆዳ ወዝ በልቶ የሚኖር ነው፣ ሌላ ጊዜ ጎረቤት ነው፣ አይነካንም። ሙቀት፣ ላብና ወዝ ሲበዛ ግን ይራባል። ሲራባ አዜሌይክ አሲድ የሚባል ነገር ያመነጫል። ይህ አሲድ ሸማኔው ቀለም የሚሠራበትን መሣሪያ ያግዳል። የሚገርማችሁ፣ ይኸው አሲድ በክሬም ተዘጋጅቶ ለማድያት ይታዘዛል። ፈንገሱ የማድያት መድኃኒት በልጁ ደረት ላይ እየቀባ ነበር ማለት ነው።

ያዘዝኩለት ሴሌኒየም ሰልፋይድ ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ ነው፣ የፎረፎር ሻምፑ ነው። ከአንገት እስከ ወገብ ይቀባል፣ የሚታየውን ነጭ ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን። አሥር ደቂቃ ይቆያል። ይታጠባል። በየቀኑ፣ ለሰባት ቀን። ይኼው ነው። ኬቶኮናዞል ሁለት በመቶ ሻምፑም ይሠራል፣ አምስት ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ ነው። ቦታው ትንሽ ከሆነ ክሎትሪማዞል ቅባት ይበቃል፣ በቀን ሁለቴ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት። እንክብል የሚያስፈልገው ሰውነቱን በሙሉ ለወረረውና ለሚመላለስበት ነው፣ እሱም በሐኪም። የኬቶኮናዞልን እንክብል ግን ማንም ቢሰጣችሁ ለዚህ አትዋጡ። ጉበት ስለሚጎዳ ለቆዳ ፈንገስ መስጠቱ ቀርቷል። ሻምፑው ችግር የለውም፣ እንክብሉን ነው ያልኩት። እንክብሉን ነው!

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። ተቆጥቷል። «ዶክተር፣ አልዳንኩም፣ ነጩ እንዳለ ነው» አለኝ። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወጠርኩት። ዱቄት የለም። መብራቱን አበራሁ። ወርቃማው ጠፍቷል። ፈንገሱ ሞቷል! ቀለሙ ግን አልተመለሰም። ሸማኔው እጁ ተፈቷል፣ ጨርቁን ሠርቶ እስኪጨርስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሳምንታት፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ወር። መዳኑን በዱቄቱ እንጂ በነጩ አትለኩት። ነጩን እያየ «አልሠራም» ብሎ ከመድኃኒት መድኃኒት የሚቀያይር ስንት ሰው አለ! እሱንም ሻምፑውን በወር አንዴ ብቻ እየተጠቀምክ ጠብቅ አልኩት፣ ሥራው ምድጃ ፊት ስለሆነ ይመለስበታል። ሐምሌ ላይ ከእጮኛው ጋር መጣ። አንገቱ ክፍት ሸሚዝ ለብሶ ነበር።

ደግሞ ይህን ያዙ። ቋቁቻ ፈንገስ ነው ብዬ ስናገር ፎጣ የምትደብቁ አላችሁ። አትደብቁ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ቅድም እንዳልኩት ፈንገሱ ቀድሞም ሁላችንም ላይ አለ። ሰውየው የቆሸሸም አይደለም። የተላበ ነው።

እሺ። አሁን ወደ ለምጽ።

ለምጽ ምንድን ነው? ሰውነታችን ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቀን ሠራዊት አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ሠራዊት ይሳሳታል። የራሱን ሸማኔ ጠላት ነው ብሎ ይገድለዋል። ይኼው ነው። ተህዋስ የለበትም። አይተላለፍም። በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ በስኒ አይተላለፍም፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። በዓለም ላይ ከሁለት መቶ ሰው ከአንድ እስከ አራት ሰው አለበት ይባላል። እዚህ አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ብንሆን ቢያንስ አንድ ሰው ይኖራል ማለት ነው። ግማሽ ያህሉን የሚጀምራቸው ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

የት ይወጣል? ዓይን ዙሪያ፣ አፍ ዙሪያ፣ ጣት ጫፍ፣ አንጓ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ብልት አካባቢ። ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙን እኩል ይይዛል። ቀኝ ጉልበት ላይ ካለ ግራውንም እዩት። ቋቁቻ እንዲህ አይደለም፣ እሱ ደረት፣ ጀርባ፣ አንገትና የላይኛውን ክንድ ይወዳል። ሌላም አለ። ቆዳ በተፋቀበት፣ በተቧጨረበት፣ ቀበቶ ወይም የጫማ ማሰሪያ በሚፈትግበት ቦታ ለምጽ አዲስ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ማሰር፣ እስኪቆስል መፋቅ የሚባለውን እባካችሁ ተዉት። ሽንኩርቱ ያቃጥላል፣ ባቃጠለው ቦታ ላይ ለምጹ ይሰፋል። በዓይኔ ያየሁት ነው።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አፏ ዳርና የጣቶቿ ጫፍ ነጣ። ወላጆቿ ጤና ተቋም ወሰዷት፣ ማንም ሳይወጥር፣ ማንም መብራት ሳያበራ «ፈንገስ ነው» ተባሉ። አንድ ዓመት ሙሉ የፈንገስ ቅባት ተቀባች። አንድ ዓመት! ትምህርት ቤት ደግሞ ፈንገስ ከሆነ ይጋባል ተብሎ ብቻዋን አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳያት ኖራ ነው። ልስልስ ነው። ጉልበቶቿን ገልጬ አየሁ፣ ሁለቱም ላይ አለ፣ እናቷ አላየችውም ነበር። መብራቱን ሳበራ የነጣው ሁሉ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ፍክት አለ፣ ገና ለዓይን ያልታየውም ጭምር።

ታክሮሊመስ የሚባል ቅባት ፊቷ ላይ በቀን ሁለቴ ጀመርን። ለፊትና ለዓይን ቆብ ይህ ይሻላል፣ እስቴሮይድ ሲቆይ እዚያ ያለውን ቆዳ ያሳሳል። ለጉልበቷ የተለየ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሕክምና፣ በሳምንት ሁለቴ። የታይሮይድ ምርመራም አደረግን፣ ለምጽ ያለበት ሰው ላይ የታይሮይድ ችግር አብሮ ስለሚገኝ። ከዚያ መጠበቅ። ይህ የወራት ሥራ ነው። ቢያንስ ስድስት ወር ሳትሞክሩ አልሠራም አትበሉ።

አራተኛው ወር ላይ ጉልበቷ ላይ ምን አየን መሰላችሁ? ነጩ መሐል ላይ ጥቃቅን ቡናማ ነጥቦች። ሰሊጥ የተበተነ የመሰለ። እያንዳንዷ ነጥብ ያለችው ፀጉር በበቀለበት ቀዳዳ ላይ ነው። ሸማኔው ከላይ ሲገደል ከፀጉር ሥር የተደበቁ ዘሮቹ ይተርፋሉ። ከዚያ ነው ቀለም የሚመለሰው። እናቷ «አዲስ በሽታ ወጣ» ብላ ነበር የመጣችው። አቅፌ ሳምኳት።

ጣቶቿ ጫፍ ግን አልተመለሰም። አሁንም ነጭ ነው። እውነቱን መናገር አለብኝ። ጣት ጫፍና ከንፈር ላይ ፀጉር የለም፣ ስለዚህ የተደበቀ ዘር የለም። በነጩ ቦታ ላይ ያለው ፀጉር ራሱ ከነጣም ተስፋው ይቀንሳል። ፊት በደንብ ይመለሳል፣ እጅና እግር ይቸግራል። ሁሉንም በአንድ ወር አጠፋለሁ የሚል ሰው ከመጣባችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ነጩ ቦታ ፀሐይ ቶሎ ያቃጥለዋል፣ ሸፈን አድርጉት።

ሦስተኛው ላይ የራሴን ታሪክ ልናገር። ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁለቱም ጉንጬ ላይ ክብ ክብ ነጣ ያለ ነገር ወጣ። እናቴ ነፍሷን ይማር፣ «ትል ነው» አለች። ኮሶ አጠጣችኝ። ኮሶን የጠጣ ያውቀዋል! ቀኑን ሙሉ ተሠቃየሁ። ነጩ እንዳለ ነበር። የዚያን ዓመት ክረምት ሳይወጣ ጠፋ፣ እናቴም ኮሶው ነው ብላ እስከ መጨረሻው አመነች። እኔ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ ነው ያወቅሁት። ቀላል የችፌ ዓይነት ነው። ደረቅ ቆዳ ያላቸው ልጆች ጉንጭ ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ይቆጣል፣ መቅላቱ ጠይም ቆዳ ላይ አይታይም፣ ከዚያ ነጣ ያለ ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ትል አይደለም። የቫይታሚን እጥረትም አይደለም። በቀን ሁለቴ ቫዝሊን፣ የሚያሳክክ ከሆነ ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ሃይድሮኮርቲዞን አንድ በመቶ። ቀለሙ በራሱ ይመለሳል፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ይኸው ነገር ከፎረፎር በኋላ ቅንድብና አፍንጫ ጎን ላይ ይወጣል። ከብጉር በኋላ ይወጣል። ከቃጠሎ በኋላ ይወጣል። ሸማኔው አለ፣ ደክሞት ነው። ገደብም አለው። ቃጠሎው ጥልቅ ሆኖ ጠባሳ ከጣለ ሸማኔውም አብሮ ሊሞት ይችላል፣ ያ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ቡና ያቀረበችው ልጅ እጅ ላይ ያለው እንዲህ ነው።

ፊት የሚያቀላ ክሬም የምትቀቡም እዚህ ጋ ስሙኝ። አንዳንዱ ውስጥ ያለው ነገር ሸማኔውን ራሱን ይጎዳል፣ ቆዳው ላይ ጤፍ የተበተነ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ስሙ ያልተጻፈበት ክሬም ፊታችሁ ላይ አታስነኩ።

አራተኛውን አጭር አደርጋለሁ ብዬ ነበር። የሥጋ ደዌ ነው። እሱም ሲጀምር ገርጣ ያለ ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። መለያው አንድ ነው፣ ስሜት። የጥጥ ጫፍ ሾል አድርጋችሁ፣ ዓይኑን አስጨፍናችሁ ነጩን ቦታ ነካ አድርጉት። ደህናውንም ነካ አድርጉት። ነጩ ላይ ካልተሰማው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ። መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይወሰዳል፣ ይድናል። ለዚህ ሲባል በ1958 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመው አለርት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ለምጽ፣ ቋቁቻና ሦስተኛው ግን ስሜት አይነኩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። አባባ፣ ቅድም በር ላይ «ለምጽ እኮ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ፣ ከሰፈር ውጣ ይባላል» ብለውኛል። ልክ ነዎት፣ አለ። ዘሌዋውያን 13ን ዛሬ ማታ ደግመው ያንብቡልኝ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ለምጽ ልብስ ላይም ይወጣል። ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ደግሞ የቤት ግድግዳ ላይ ይወጣል። ልብስና ግድግዳ የኛ ለምጽ ይይዛቸዋል? አይይዛቸውም። ያ ቃል ብዙ ነገር ያቀፈ የጥንት ስም ነው። እኛ ዛሬ አንዱን በሽታ በዚያ ስም ጠራነውና የመጽሐፉን ፍርድ አብረን ጫንንበት። ደግሞ ካህኑ ምን ያደርግ ነበር? ያያል። ጠጉሩን ያያል። ሰባት ቀን ይጠብቃል። ተመልሶ ያያል። ከሩቅ አይቶ ስኒ አልቀበልም አይልም።

ጥያቄ ካለ። አዎ፣ እዚያ ኋላ ያሉት እናት።

«ለልጅ ይወረሳል ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ለምጽ በቤተሰብ ውስጥ ትንሽ ይጨምራል። እናት ወይም አባት ወይም ወንድም ካለበት፣ ከመቶ ስድስት ገደማ ናቸው የሚያገኛቸው። ዘጠና አራቱ አያገኛቸውም። በዚህ ምክንያት ጋብቻ የምታፈርሱ ቁጥሩን አስቡት።

ጋሼ፣ እርስዎስ? «ኖራና አመዱን መለየት ቢያቅተኝስ?» ያቅታል። እኔንም ያቅተኛል። ለምጽ ገና ሲጀምር አመድ ሊመስል ይችላል፣ ኖራ እስኪሆን ወር ሁለት ወር ይፈጃል። እንዲህ ያድርጉ። አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠው በስልክ ፎቶ ያንሱት። በወሩ፣ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ሳንቲም ጋር ያንሱት። ከሰፋ፣ ከነጣ፣ ወይም ሌላ ቦታ ከወጣ ፎቶውን ይዘው ይምጡ። እኔም ከምርመራዬ በላይ የሚጠቅመኝ እሱ ነው። እስከዚያ እስቴሮይድ ያለበት ቅባት አይቀቡበት፣ መልኩን ያበላሽብናል።

አሁን መብራቱን ይዤው መጥቻለሁ። ልጆች፣ መጋረጃውን ዝጉልኝ፣ አምፖሉንም አጥፉ። ዓይናችሁ እስኪለምድ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ማንም ስሙን መናገር የለበትም፣ የሚፈልግ እጁን ወይም አንገቱን ብቻ ያቅርብ። መጀመሪያ የራሴን ክርን አሳያችኋለሁ። እዩት። ኖራ ነው አይደል? አራት ዓመቱ ነው።

አሁን ማን ይምጣ?